ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ በወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ስቀጠር እጄ ፈጣን ነበር፤ አፌም ከእጄ አያንስም። አለቃዬ የነበሩት ሴት ግን ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። የአንድ ቀን ስብሰባ ካሴት ሰምተው ቃለ ጉባኤ ለማውጣት ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል። የቀረበውን ሐሳብ፣ ክርክሩን፣ ውሳኔውንና ድምፁን ለየብቻ ያሰፍራሉ። ተናጋሪው ከየትኛው ወገን እንደቆመ ሳያረጋግጡ ስለ እሱ አንዲት መስመር አይጽፉም። እኔ ደግሞ ከጀርባቸው ሆኜ አዛጋለሁ።

አንድ ጊዜ እሳቸው ታመው፣ እኔም ሌላ ቢሮ ተልኬ፣ ሁለታችንም ያልተገኘንበት ጉባኤ ተካሄደ። የደረሱን ካሴቶቹና የተገኙት አባላት ስም የተፈረመበት ወረቀት ብቻ ናቸው። አለቃዬ ገና አላገገሙም ነበርና «ረቂቁን አንቺ አውጪው፤ ነገ አየዋለሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሥራ እንዴት እንደሚሠራ አሳያቸዋለሁ ብዬ ቴፑን ከፈትኩ።

ዋናው ጉዳይ ከወንዝ ማዶ ያለ የአንድ ቀበሌ ትምህርት ቤት ነበር። የቀበሌው ተወካይ፣ ገበሬ ሴት ናቸው፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ልጆቹ እቤት እንደሚውሉ ተናግረው ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ይሠራልን አሉ። አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተነሥቶ በጀቱ ስለማይበቃ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ አለ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ አባል ተናገሩ። «የተባለው ሁሉ ደግ ነው። ኃላፊው አስቦ የተናገረው ነው፤ እኔም ከእሱ ቃል አልወጣም» ብለው ጀመሩ። ከዚያ የገብሱንና የውርጩን ነገር ያመጡት ጀመር። ገባኝ አልኩና ካሴቱን ወደፊት አስሮጥኩት።

ስከፍተው ሰብሳቢው «እንግዲህ አባታችን ባሉት ላይ ድምፅ እንስጥ» ይላል። ድጋፍ ሠላሳ አንድ፣ ተቃውሞ ዘጠኝ፣ ድምፀ ተአቅቦ ሁለት። አርባ ሁለት፤ ከፈረሙት ጋር ልክ ነው። ወዲያው የኃላፊው ድምፅ ተከተለ፦ «ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ።» የተባለውን ሁሉ አሰፈርኩ። ውሳኔ በሚለው ሥር «ግንባታው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ» ብዬ ታይፕ አደረግኩ። ከምሳ በፊት ጨርሼ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ተወካይዋ ግልባጩን ሊወስዱ መጥተው በረንዳው ላይ ይጠብቃሉ። ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ይዘው በቀጥታ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊሄዱ ነው፤ እዚያም የሚሠራው በተጻፈው ነው። ቃለ ጉባኤው ለአባላቱ ተነብቦ የሚጸድቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ በጀቱም ለሌላ ይመደባል፣ በጋውም ያልፋል።

አለቃዬ በነጠላቸው ተከናንበው ገቡና ረቂቄን አነበቡ። ጨርሰው እንደገና አነበቡ።

«ይተላለፍ ያለው ይሄ ኃላፊ ነው?»

«አዎ።»

«ይተላለፍ ተብሎ ተወሰነ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ ያለው ምን ሆኖ ነው? ሐሳቡ አልፎለት?»

እሳቸው አልተቆጡም። ካሴቱን መልሰው ሽማግሌው ከጀመሩበት ለቀቁት፤ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ ዘንበል አድርገው ገብሱንም ውርጩንም በትዕግሥት ሰሙ። እኔ ዘልዬው ባለፍኩት የካሴቱ ሆድ ውስጥ ሽማግሌው እንዲህ አሉ፦ «ነገር ግን ውርጭ መታው ብለን መዝራት አልተውንም። ድንጋዩንና እንጨቱን የአገሩ ሰው ያቅርብ፤ መንግሥት ቆርቆሮውንና አናጢውን ይቻል፤ ትምህርት ቤቱም ዘንድሮ ይሠራ።»

ፊቴ ጋለ። እዚያው መንዝ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ጎረቤቱን ሊሞግት ሲነሣ መጀመሪያ እንደሚያመሰግነው፣ ሽማግሌ ሰው ሊቃወም ሲል አስቀድሞ እንደሚስማማ ከልጅነቴ አውቃለሁ። የቤቴን ንግግር ቢሮ ስገባ ረሳሁት። እኚህ ሴት ግን ስብሰባው ላይ ሳይገኙ፣ አንዲት የማትገጥም መስመር ይዘው ደረሱበት። ያን ቀን እንዳደነቅኳቸው ማንንም አድንቄ አላውቅም።

አዲሱን ስጽፍ እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ አለ። ሰብሳቢው ከፈረመበትና ማኅተም ካረፈበት በኋላ አለቃዬ በረንዳው ላይ ወጥተው ውሳኔውን ለተወካይዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላቸው።

«እስቲ ድምፁን ይድገሙልኝ፣ እትዬ» አሉ ሴትዮዋ።

«ድጋፍ ሠላሳ አንድ።»

ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው፣ ልጄ?»

ወደ ውስጥ ዞሬ አየሁ። የትናንቱ ረቂቅ ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

«አዎ፣ እሷ ናት» አሉ አለቃዬ፤ ሴትዮዋም ሁለት እጄን ይዘው መረቁኝ።