ከጆሮዬ ጀርባ የገባው ድምፅ

ደቡብ አፍሪካ፣ ቶኮዛ ባለው ሱቃችን ደንበኞች «ጮክ በይ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላ ነበር፤ ለእኔ እየጮህኩ ይመስለኝ ነበርና። የእነሱን ድምፅ ግን ከዓመት ዓመት መስማት እያቃተኝ መጣ። በሠላሳ ዓመቴ የጆሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሟ ሹካ መሳይ ብረት መታ አድርጋ ጆሮዬ አጠገብ ያዘችው፤ እምብዛም አልሰማሁም። ከጆሮዬ ጀርባ አጥንቱ ላይ ስታሳርፈው ግን ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ደወል ጮኸ።

«ጆሮሽ ውስጥ ድምፅ የምታስተላልፈው አጥንት ተጣብቃ ነው፤ የራስሽ ድምፅ ግን በራስ ቅልሽ በኩል ስለሚገባ ይጮኽብሻል» አለችኝ።

ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ አጥንት! በቀዶ ጥገና በቦታዋ ሰው ሠራሽ ዘንግ ገባ። ጆሮዬ ሲከፈት ዓለም ጮኸ፣ የራሴ ድምፅ ግን ቀጥኖ ሹክሹክታ ሆነ። ደንግጬ ባሌን፦

«ያን ሁሉ ዓመት ስጮህብህ ምን ትሰማ ነበር?» አልኩት።

«የምትጸልዪ ይመስለኝ ነበር» አለኝ።