አሥራ አምስት ደቂቃ የዘገየ ቅጽ

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት አስተዳደር ነው። መካነ ሰላም በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስቀጠር መዝገብ ቤት መደቡኝ፤ ደስ አለኝ። ወረቀት ሰው ላይ አያፈጥጥም፤ ዝም ሲሉት ዝም ይላል። ሰው ፊት ድምፄ እንደሚጠፋ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቅ፣ ከፋይል ጋር ጡረታ እወጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ የመምህራን ዝውውር ይመጣል። ወደ ሌላ ወረዳ መሄድ የሚፈልግ መምህር ቅጽ ይሞላል፤ ርዕሰ መምህሩ ፈርሞ ማህተም ያደርግበታል፤ ከዚያ ለእኛ ያስገባል። የእኔ ሥራ መቀበል፣ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ፣ መመዝገብና ቁጥር መስጠት ነው። በመጨረሻው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከመጨረሻው ስም ሥር በቀይ እስክሪብቶ እናሰምራለን፤ እኔ፣ አለቃዬና የሰው ሀብት ባለሙያው እንፈርምበታለን። ከመስመሩ በላይ ያለው ይወዳደራል። ዘግይቶ የመጣው አይጣልም፤ ከመስመሩ በታች በደረሰበት ሰዓት ይመዘገባል፣ ለዚያ ዙር ግን አይታይም። ይህም ለባለቤቱ ይነገራል። አሠራሩ ይኸው ነው። መመዝገቡን አውቅበት ነበር። መናገሩ የማን ሥራ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ የእኔ እንዳይሆን ስለምፈራ።

ያን ሰኞ ከቀትር ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። መስመሩን አስምረን፣ ከላይ ያሉትን ስሞች ቆጥረን፣ ባለሙያው ፈርሞ እስክሪብቶውን ለአለቃዬ ሲያቀብል አንድ ሽማግሌ ገቡ። የጋቢያቸው ጫፍ ጭቃ ጠጥቷል። ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው መጀመሪያ ባገኙት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ያገኙት የእኔን ነበር።

«የልጄ ነው» አሉ። «አስተማሪ ናት፤ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ። ልጠይቃት ወርጄ ነበር፤ እሷ ፈተና ላይ ስለሆነች አድርስልኝ ብላ ሰጠችኝ። መኪናው ጭቃ ያዘው። ወርደን ገፋነው፣ አልወጣም፤ የቀረውን በእግሬ መጣሁ።»

ቅጹን ገለጥኩት። ሁሉም ተሟልቷል፤ ፊርማው፣ ማህተሙ፣ ስልኩ። ልጅቱ የጠየቀችው ወደ ጃማ ወረዳ ነው። ምክንያቱን ሽማግሌው ራሳቸው ጨመሩልኝ። ቤታቸው እዚያው ጃማ፣ ከደጎሎ ወጣ ብሎ ነው፤ ሚስታቸው ሞተዋል፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። «ዓይኔ እየሄደ ነው» አሉ፣ ዓይናቸው ለጉዳይ የወጣ ያህል ቀለል አድርገው። «ሰው አያለሁ፣ ፊት ግን አይለይልኝም።»

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አሥራ አንድ ከአርባ አምስት። ቅጹ ላይም እንደዚያው ጻፍኩ፤ መዝገቡ ላይም ከቀዩ መስመር በታች አሰፈርኩት። እስከዚህ ድረስ ያጎደልኩት ነገር የለም። ከዚያ አፌን ከፈትኩ።

«እስቲ ይተዉት አባባ፤ እናያለን።»

«እናያለን» በእኛ ቢሮ «አይሆንም» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ሽማግሌው ግን ሠራተኛ አልነበሩም።

«እናያለን ካልሽ ይበቃኛል፤ ዕድሜ ይስጥሽ» አሉ። «እዚሁ ዘመድ ዘንድ አርፌ መልሱን እጠብቃለሁ።»

እሳቸው እንደወጡ አንድ ወጣት መምህር እያለከለከ ገባ። እሱን አለቃዬ ተቀበለችው። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ መዝገብ ቤቱን ከእኔ ዕድሜ በላይ የያዘች ሴት ናት።

«መስመሩ ተሰምሯል» አለችው። «ቅጽህን እቀበልሃለሁ፣ ለዚህ ዙር ግን አይታይልህም። እዚሁ ወረዳ ውስጥ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት መዘዋወር ከፈለግህ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ተኩል ክፍት ነው። ቅጹ ያውልህ።»

«ሃያ ደቂቃ እኮ ነው! ምን ዓይነት አረመኔዎች ናችሁ?»

«ሁለት ቅጂ ውሰድ፤ አንዱ ቢበላሽብህ።»

ሁለት ቅጂ ወስዶ በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እንዴት ጨካኝ ሴት ናት እያልኩ አስብ ነበር። ማክሰኞ ከምሳ በፊት ቅጹን ሞልቶ፣ አስፈርሞ፣ ማህተም አስመትቶ መጣ። ሁላችንንም ጨብጦ ሰላም አለን።

ማክሰኞ ሽማግሌውም መጡ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው፣ እኔ ባለፍኩ ቁጥር በእግሬ ኮቴ ይለዩኝ ጀመር።

«ልጄ፣ አያችሁት?»

«ገና ነው አባባ።»

ገና የሚባል ነገር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር ዞሬ ገባሁ። ረቡዕ ጠዋትም በጓሮ በር ስገባ አለቃዬ ጫማዬን አየች፤ ጓሮው ጭቃ ነው።

«እኚህ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ የሚጠብቁት ምንድን ነው?»

ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች።

«እናያለን አልሻቸው? ማን ነው የሚያየው? መቼ?»

«ማስቀየም አልፈለግኩም እትዬ። ክፉ ቃል አልተናገርኳቸውም።»

«ክፉ የተናገርኩትማ እኔ ነኝ። የእኔው ሰውዬ ግን ቅጹን አስገብቶ ቤቱ ገብቷል፤ የአንቺው ወንበር ላይ ናቸው።» ከዚያ ጣቷን ታጥፍ ጀመር። «ልጅቱ ያለችበት የስንት ሰዓት መንገድ ነው?»

«መኪና ካገኘች አራት። ካላገኘች አላውቅም።»

«የወረዳ ውስጡ ዓርብ ይዘጋል። የእሷ ፊርማ፣ የርዕሰ መምህሩ ማህተም፣ መንገዱ፣ ዝናቡ። ወላሂ አንቺ ልጅ፣ ሁለት ቀን በልተሽባታል።»

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ የዘገየችው ልጅቱ ናት ብዬ ነበር የማስበው። ከቆላው ወጥታ መኪና መንገድ ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት ብትዛወር እንኳ አባቷን በየጊዜው ሄዳ ማየት ትችላለች። ያ ካልሆነ ክረምቱ ይገባል፣ መንገዱ ይቆረጣል፤ ሽማግሌው አንድ ዓመት ሙሉ ብቻቸውን እየዳበሱ ይከርማሉ። ለዚህ የቀራት ሁለት ቀን ተኩል ነበር።

አሁንም ግን በአፌ አልተናገርኩም። ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው እንዲህ ሆነ፦ «የዝውውር መጠየቂያ ቅጽዎ ለጽሕፈት ቤታችን የደረሰ ሲሆን፣ ከተቀመጠው የጊዜ ገደብ አንፃር በዚህ ዙር ለማስተናገድ አስቸጋሪ መሆኑን እየገለጽን፣ ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።» አምሮብኛል ብዬ ለሽማግሌው ሰጠሁና ወደ ውስጥ ሸሸሁ።

እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን ግቢው በር ላይ በጃንጥላ ሥር ማመልከቻ ለሚጽፈው ሰውዬ ወሰዱት። መስኮቴ ወደዚያ ነው። ሰውዬው ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ደግሞ አብራራው።

«‹የደረሰ ሲሆን› ይላል፤ ደርሷል ማለት ነው።»

«እሱማ በእጄ ነው የሰጠሁት።»

«‹አስቸጋሪ› ይላል። ምን አስቸጋሪ ያልሆነ ነገር አለ? መጨረሻው ላይ ግን ‹በቅድሚያ እናመሰግናለን› ይላል። አብሽሩ አባባ! መንግሥት ለማይሆን ነገር በቅድሚያ አያመሰግንም።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሽማግሌው ተመልሰው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ የገብስ ቆሎ አኖሩ። «ለደብዳቤሽ ነው» አሉ። አለቃዬ ከፋይሉ ቀና አላለችም። ማንም እንደማያድነኝ ገባኝ።

«አባባ፣ ይቀመጡ። ቆሎውን አልቀበልም።» ድምፄ ቀጥኖ ነበር፤ ቢሆንም ወጣ። «የልጅዎ ቅጽ ሰኞ አሥራ አንድ ከአርባ አምስት ደረሰ። የሚዘጋው አሥራ አንድ ተኩል ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ወደ ጃማ አትዛወርም። ቅሬታ ማስገባት መብቷ ነው፤ የደረሰበትን ሰዓት ግን ማንም ሊለውጠው አይችልም። አሁን የሚቻለው እዚሁ ወረዳ ውስጥ፣ ወደ መንገድ ዳር መዛወር ነው። እሱ ዓርብ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ሰኞ ታውቂው ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አስቀመጥሽኝ?»

«መናገር ፈርቼ ነው።»

«ማንን? እኔን?» ጋቢያቸውን፣ ዱላቸውን፣ ጭቃ የያዘውን እግራቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «አይ የኔ ልጅ፣ እኔን የሚፈራ በሬ እንኳ የለኝም።»

አለቃዬ ሳቋን በሳል ለወጠችው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ለእኔ ከነገርሽኝ ምን ያደርጋል? ጠያቂዋ እሷ ናት። አሥር ሰዓት ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ትወጣለች፤ ለራሷ ንገሪያት።»

ስልኳ ቅጹ ላይ ከሰኞ ጀምሮ ተጽፎ ነበር። አንድም ጊዜ ልደውል አላሰብኩም።

አሥር ሰዓት ላይ ደወልኩ። በአራተኛው ሙከራ ገባልኝ፤ ነፋስ ይሰማል። የምለውን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር፤ ለአባቷ ያልኩትን በዚያው ቅደም ተከተል አነበብኩላት። ኔትወርኩ የሄደ መሰለኝ።

«አባቴ ትናንት ደውሎ እያዩልኝ ነው አለኝ እኮ» አለች።

«ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። ሰኞ መንገር ነበረብኝ።»

ከዚያ የአስተማሪ ድምፅ መጣ፤ «ቀጥይ። ምን ያስፈልጋል?»

«ቅጹ ርዕሰ መምህሩ ጋ አለ። ሁለት ምርጫ ይጻፉ። የእርስዎ ፊርማና የእሱ ማህተም ካልኖረበት አይመዘገብም።»

«ፈተናው ነገ ያልቃል። ዓርብ ማለዳ ብነሳ... ብዘገይስ? መንገዱን ታውቂዋለሽ።»

አፌ ላይ የመጣውን «እናያለን» ዋጥኩት። «ካለፈ አይታይም» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ሽማግሌው ቆሎውን ከጠረጴዛዬ አንስተው ለአለቃዬ ሰጧት። እሷ ተቀበለች።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ቀጭን ሴት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባች። ከጠዋት ጀምሮ ወንበሩ ላይ የነበሩት አባቷ ከኮሪደሩ ተነሥተው ተከተሏት። ቅጹን ሰጠችኝ፤ ሰላም አላለችኝም። ፊርማውን፣ ማህተሙን፣ ሁለቱን ምርጫዎች አየሁ።

«ተሟልቷል» አልኳት። «መንገድ ዳሩን ከእርስዎ ጋር አራት ሰዎች ጠይቀዋል፤ ቦታው አንድ ነው። ውጤቱ በነጥብ ነው፤ ነሐሴ ላይ ይለጠፋል። እስከዚያ እዚህ መቀመጥ አያስፈልግም።»

«አባዬ፣ ሰማህ?» አለች ዞራ። «መቀመጥ አያስፈልግም።»

«እኔ መቼ ወድጄ ተቀመጥኩ» አሉ እሳቸው።

ነሐሴ ላይ ዝርዝሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ምርጫዋን አላገኘችም፤ ያገኘችው ሁለተኛውን፣ ከመኪና መንገዱ ሁለት ሰዓት የሚያስኬደውን ነው። ዓርብ በጊዜ ከተነሳች በወረኢሉ አድርጋ ቅዳሜ ደጎሎ ትደርሳለች። ሰኞ ዕለት ነግሬያቸው ቢሆን መንገድ ዳሩ ይደርሳት ነበር ወይ ብዬ ለብቻዬ የሁሉንም ነጥብ አመሳከርኩ። አይደርሳትም ነበር። ደብዳቤዋን ልትወስድ ስትመጣ ይህን ልነግራት አስቤ ተውኩት። የሚያቀልለው የእኔን ልብ እንጂ የእሷን መንገድ አልነበረም። የሚጀምሩበትን ቀን ነገርኳት፤ ፈርማ ወሰደች።