ከስድቡ ጋር የተጠረገው ሸራ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቡና ማኅበራችን ዋና ቢሮ ጅማ ላይ በኮንትራት መልሶ የወሰደኝ ለአንድ ሙያዬ ነው፤ ስድብን ከሪፖርት ለመልቀም። የገጠር ጣቢያ ኃላፊዎች ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ በቴሌግራም በድምፅ ይልካሉ። እኔ አዳምጬ፣ ሐሜቱንና ዘለፋውን ነቅዬ፣ ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርብ የውስጥ ማስታወሻ አደርገዋለሁ። የነቀልኩትን ምሳ ላይ ለባለቤቴ አወራለሁ። ቆሻሻም እኮ መድፊያ ይፈልጋል።

ዘንድሮ በቡና ለቀማው ወራት፣ የቡ የምትባለው የገጠር ጣቢያችን ኃላፊ ስለ አንድ የቡና ማድረቂያ ሠራተኛው ድምፅ ላከ። «አባ ኮ፣ አባቴ፣ ይሄ ሰውዬ ጉድ ነው። ሁለተኛ ካገባ ወዲህ እንቅልፋም ሆኗል። ትናንት ዝናብ ሲመጣ ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ እንደተዘረጋ ሳይሸፈን ቀረ። ለምን ስለው፣ ሸራ የለኝም፣ ሸራ ጠይቄያለሁ እያለ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል።»

ሥራዬን ጀመርኩ። ትዳሩ ወጣ። ማንም ሲተኛ አላየውምና እንቅልፉም ወጣ። መነፋረቁ ከነሕፃኑ ወጣ። የቀረው «ሠራተኛው በዝናብ ጊዜ ቡናውን አልሸፈነም» የሚል አንድ መስመር ነበር። እንዴት ያምራል! እንደ ታጠበ ቡና አገላብጬ አየሁትና ላክሁት።

ሥራ አስኪያጁ ስድቡን ቢሰማ ኖሮ «ሁለቱ ዛሬም ተጣሉ» ብሎ ይስቅ ነበር። ንጹሑን መስመር ሲያነብ ግን ደነገጠ፤ ጥግ ላይ «ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቅረብ» ብሎ ጻፈበት። ኮሚቴው ዘንድ ቡና ያስበላሸ ሰው ከሥራ ይባረራል።

ምሳ ላይ ጉዱን ከነትዳሩ ለባለቤቴ ዘረገፍኩት። እሷ ስለ ሁለተኛዋ ሚስት አልጠየቀችም።

«እና ሸራ ካልነበረው በምን ይሸፍነው፣ በጋቢህ?» አለችኝ።

«እሱን አውጥቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«መነፋረቅ ነዋ።»

«ወላሂ፣ ገለባውን ይዘህ ፍሬውን የምትጥል አንተን ብቻ አየሁ» አለች።

ቢሮ ተመልሼ ድምፁን ደግሜ ሰማሁት። ለጣቢያ ኃላፊው ደወልኩና ሰውየው ሸራ ጠይቆ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጠይቋል፣ እኔም ለእናንተ አስተላልፌያለሁ» አለኝ። ጥያቄው ከእኛው ግምጃ ቤት ደርሶ እዚያው ተኝቶ ኖሯል፤ እንቅልፋሙ ሌላ ቦታ ነበር። የማስተካከያ ማስታወሻ ጻፍኩ፦ ሠራተኛው አስቀድሞ ሸራ መጠየቁን፣ ሸራው አለመላኩን። ስለ ግምጃ ቤት ኃላፊው ያለኝን አስተያየት ለራት አስቀመጥኩት።

የኮሚቴው ቀጠሮ ተሰረዘ። ሸራውን ሊወስድ የመጣው ራሱ ሠራተኛው ነበር። መጀመሪያ አመሰገነኝ፤ ቀጥሎ ወንበር ስቦ ስለ አለቃው፣ ስለ አለቃው ወንድሞች፣ ስለ አለቃው አፍንጫ ሳይቀር ሐሜቱን አወረደልኝ።

«ይሄን ይጻፉልኝ፣ አባባ» አለ።

ዘንድሮ ተምሬያለሁና እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። «ካልከው ውስጥ ስለ ሥራ የሆነ ነገር አለ?» አልኩት።

ያለውን በጣቱ ቆጠረ። «የለም» አለ።

«እንግዲያው ና፣ ሻይ ልጋብዝህ። እዚያ ከመጀመሪያው ትነግረኛለህ።»