ስምንት ጊዜ አራት

ባለቁልፏ እንላታለን። በመዋኛ ገንዳችን መግቢያ፣ በዚያች ጠባብ መስኮት በኩል የልብስ ሳጥን ቁልፍ ስትሰጥና ስትቀበል አስራ አንድ ዓመት ኖራለች። የትኛው ሳጥን እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ደንበኛ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ቤቱ እንደሚሄድ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። "አርባ ሦስትን ከፍ አድርገህ አዙረው" ትል ነበር፣ ሰውየው ገና ቁልፉን ሳይቀበላት። እኔ አሰልጣኝ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃው ዳር ቆሜ ጮኬያለሁ፤ ጉሮሮዬም ጠባዬም የተበላሸው እዚያው ነው። ስለ ራሴ ብዙ የሚወራ የለኝም፣ ስለ እሷ ግን ሳላወራ ብቀር ይቆጨኛል።

ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ትንሽ ልጅ በጥልቁ በኩል ሰጠመች። ነፍስ አድኑ ዘሎ ገብቶ አወጣት፤ ልጅቷ ውሃ ተፋች፣ አለቀሰች፣ ድና ከእናቷ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች። ባለቁልፏ ግን ከመስኮቷ ሮጣ ወጥታ የገንዳው ጠርዝ ላይ፣ የቁልፍ ቀለበቷን እንደያዘች ደርቃ ቀርታ ነበር። ዋና አትችልማ። በማግስቱ ጠዋት ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ መጣች።

"ጋሼ፣ ዋና ያስተምሩኝ" አለችኝ። "ትናንት ልጅ ስትሰጥም ቁልፍ ይዤ ቆምኩ።"

ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። አስተማርኳት። ውሃ ጠጣች፣ ተነጫነጨች፣ በእግሯ ሰው ረገጠች፤ ግን አንድም ቀን አልቀረችም። ዓመታት አልፈው በደንብ መዋኘት ስትችል ደግሞ መዋኘት ብቻ አልበቃትም። ነፍስ አድን ሆኜ እዚያ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ካልተቀመጥኩ አለች። እናቷ ሰምተው ሳቁባት። "ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶሽ? ዓሣም እኮ በዚህ ዕድሜው ይደክመዋል" አሏት። ሳቁባት እንጂ ለፈተናው ቀን ከማንም ቀድመው የተገኙት እሳቸው ናቸው።

የፈተናው ከባዱ ክፍል ስምንት መቶ ሜትር ከአስራ ስድስት ደቂቃ በታች መዋኘት ነው። በሌላው ሁሉ፣ ሰው በመጎተቱም በመጀመሪያ ዕርዳታውም፣ ፈታኞቹ እስኪገረሙ ድረስ አለፈች። በስምንት መቶው ግን ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሁለተኛውን አልረሳውም። ግማሹን በሰባት ደቂቃ ተኩል በረረችና የቀረውን ግማሽ ዘጠኝ ደቂቃ ሊሞላ ስድስት ሴኮንድ ሲቀረው ጨረሰች። አስራ ስድስት ደቂቃ ከሃያ አራት ሴኮንድ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ዳግመኛ አይፈተንም፤ ስለዚህ የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓታችን ልናገር። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ የገንዳ ሰዓት አንድ ቀይ እጅ ብቻ ነው ያለው። በየደቂቃው አንድ ዙር ይዞራል፤ ሴኮንድ እንጂ ደቂቃ አይቆጥርም። በሁለተኛው ፈተና ቀን ተፈታኞቹ የተነሱት ቀዩ እጅ ስልሳውን ሲያልፍ ነበር፤ ስትደርስ ሃያ አራት ላይ ነበር። እናቷ ያንን ቁጥር እንደ ሎተሪ ዕጣ ቁጥር በቃላቸው ያዙት።

እኔም ተናደድኩ። በእሷ ሳይሆን በራሴ። ችግሯ ጉልበት ሳይሆን ልክ ማጣት ነበር፤ ለልክ ደግሞ ሰዓት አለ። አንድ ዋናተኛ ሳይወድቅ ረዘም አድርጎ ሊይዘው የሚችለው ፍጥነት አለው፤ እኛ "ልኩ" እንለዋለን። ማወቂያው ቀላል ነው። ሁለት መቶ በሙሉ ኃይል ታስዋኛለህ፣ አሳርፈህ አራት መቶ በሙሉ ኃይል ታስዋኛለህ፣ አራት መቶው ከፈጀው ላይ ሁለት መቶው የፈጀውን ቀንሰህ ለሁለት ታካፍላለህ። የመቶ ሜትር ልኩ ይወጣል። እሱ ላይ የአስራ ምናምን ሴኮንድ እረፍት ስትጨምር የመነሻ ሰዓቱን፣ በየስንት ደቂቃው አዲስ መቶ እንደሚጀምር፣ ታገኛለህ። ቀድሞ የደረሰ ትንሽ ያርፋል፣ የዘገየ እረፍቱን ይበላል፤ ሰዓቱ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ሁለት መቶው ሦስት ከአርባ አራት ሆነ። አራት መቶው ሰባት ከሃያ ስድስት። ቀንሼ፣ ለሁለት ከፍዬ፣ አንድ ከሃምሳ አንድ አልኩ። ጠዋት ነው፣ ልጆቹ ተሰልፈው ይጠብቁኛል፤ ወረቀቱን ሁለተኛ ሳላየው መነሻሽ በየሁለት ደቂቃ ከአምስት ነው ብዬ አስር ጊዜ መቶ ሜትር ጻፍኩላት።

የመጀመሪያውን ልኩ ላይ ደረሰች። ሁለተኛው ሁለት ሴኮንድ ዘገየ፣ ሦስተኛው አምስት። በአራተኛው እረፍቷ አራት ሴኮንድ ብቻ ቀረ። አምስተኛውን ስትጨርስ ቀዩ እጅ ሃያ ሰባት ላይ ነበር፤ የስድስተኛው መነሻዋ ሃያ አምስት ነው፣ አልፏታል። እኔም የታወቀውን ጩኸቴን ጮህኩ። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። አምስተኛው ላይ ትሞታለች፣ እጮሃለሁ፣ በማግስቱ ትመጣለች፣ አምስተኛው ላይ ትሞታለች።

አንድ ቀን ቁልፍ ልቀበል መስኮቷ ጋ ስሄድ ዓይኗ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ ለፈተናው አልመዘገብም" አለችኝ። "ካልተመዘገብኩ አልወድቅም። ሦስተኛውን ከምወድቅ ሁለቱ ይበቁኛል።"

ቁልፌን ይዤ ሄድኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ ስመለስ ከመስኮቱ ወጥታ ትጠብቀኛለች። እጇ ላይ ወረቀት አለ።

"ግን አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "አራት መቶውን ስዋኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ለአራት ሳካፍለው አንዱ መቶ አንድ ከሃምሳ አንድ ተኩል ነው የመጣው። እርስዎ አሁን ከዚያ ትንሽ ፈጥነሽ አስር ጊዜ ዋኚ እያሉኝ ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል?"

ወረቀቱን ተቀበልኳት። ትክክል ናት። ልክ ማለት ረዘም አድርገው የሚይዙት ነው፤ አራት መቶ ከሚዋኙበት ፍጥነት ዘገም ማለት አለበት እንጂ ሊቀድመው አይችልም። ይህን ለልጆች ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ።

"ሁለት መቶውን በሙሉ ኃይልሽ ነው የዋኘሽው?" አልኳት።

መሬት መሬት አየች። "አራት መቶ እንደሚከተል አውቅ ነበር። ትንሽ ቆጠብኩ።"

ይኸው ነው። ሁለት መቶውን የቆጠበ ሰው ቅናሹ ያንሳል፣ ልኩ ከአቅሙ በላይ ይወጣል፤ በዚህ ስሌት የሚሰንፍ ሰው ሳያውቅ ለራሱ ከባድ ሥራ ያዛል። እሷ ቆጠበች፣ እኔ ሳላይ ጻፍኩ፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት ሙሉ ጮህኩባት። ይቅርታ ጠየቅኳት። እዚያው፣ ቁልፍ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ፊት። አንደኛው ሰውዬ ደንግጦ የአርባ ሦስትን ቁልፍ ረስቶ ሄደ።

በማግስቱ ሁለት መቶውን ብቻ ደገምን። አልቆጠበችም፤ ስትደርስ የመዋኛ መስመሮቹን የሚለየው ገመድ ላይ ተንጠልጥላ መናገር አቃታት። ሦስት ከሠላሳ አራት። ከሰባት ከሃያ ስድስት ሲቀነስ ሦስት ከሃምሳ ሁለት፣ ለሁለት ሲከፈል አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት። ይህን ጊዜ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። አስራ አራት ሴኮንድ እረፍት ጨምሬ መነሻዋን ሁለት ደቂቃ ከአስር አደረግኩት።

"ስሚኝ" አልኳት። "ስልሳ ላይ ትነሻለሽ፣ ቀጥሎ አስር ላይ፣ ቀጥሎ ሃያ ላይ። ሌላ ሂሳብ አታስቢ። ከተነሳሽበት ቁጥር አራት ሴኮንድ ቀድመሽ ግቢ፣ በቃ። ስልሳ ላይ ከተነሳሽ ሃምሳ ስድስት ላይ፣ አስር ላይ ከተነሳሽ ስድስት ላይ።"

"ቀድሜ ብገባስ?"

"እጮህብሻለሁ።"

ሃምሳ ስድስት ላይ ገባች። ስድስት ላይ። አስራ ስድስት ላይ። እኔ እንደ ልማዴ አፌን ከፍቼ የምጮህበት አጣሁ። አስረኛውን ሠላሳ ላይ ተነስታ ሃያ ስድስት ላይ ገባች፤ ራሷን ከውሃ አውጥታ "ሌላ አለ?" አለችኝ። ለፈተናው ተመዘገበች፤ ስድስት ሳምንት እንዲህ ሄድን። መጨረሻ ላይ ጀርባዋን ለሰዓቱ ሰጥታ እንኳ እጁ የት እንዳለ ትነግረኝ ጀመር፤ ቢበዛ በአንድ ሴኮንድ ነው የምትስተው።

የፈተናው ጠዋት እናቷ አጠገቤ ተቀመጡ። ስድስት ተፈታኞች ተሰለፉ፤ አምስቱ ከእሷ በአስራ አምስት ዓመት ያንሳሉ። ቀዩ እጅ ስልሳውን ሲያልፍ ፊሽካው ተነፋ። አንዱ ጎረምሳ ከጎኗ ተተኩሶ ሄደ። እሷ አልተከተለችውም። የመጀመሪያውን መቶ ስትዞር እጁ ሃምሳ ስድስት ላይ ነበር፣ ሁለተኛውን ስትዞር ሃምሳ ሁለት፣ ቀጥሎ አርባ ስምንት።

"ምነው ቀረች? ያ ልጅ ጥሏት ሄደ እኮ" አሉ እናቷ እጅጌዬን እየጎተቱ።

"ይተዉት፣ አሁን ወደ ኋላ ይቀራል" አልኳቸው። እየጎተቱኝ፣ እየመለስኩላቸው፣ ስንተኛው መቶ ላይ እንዳለች ጠፋኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ዙር ስቆጥር ኖሬ ያን ቀን ጠፋኝ። እጄ ላይ የያዝኩትን የሴኮንድ መቁጠሪያ ባይ ዜሮ ነው፤ ፊሽካው ሲነፋ መጫኑን ረስቼዋለሁ። ጎረምሳው እውነትም ወደ ኋላ ቀረ፤ አልፋው ስትሄድ እጆቿ ከመጀመሪያው አልተለዩም ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ትንፋሽ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ትንፋሽ። ከዚያ ግድግዳውን ነካች፣ ቀና አለች። የፈታኙ እጅ ተነሳ።

ሰዓቱን አየሁ። ቀዩ እጅ ሃያ ስምንት ላይ ነበር።

"ሃያ ስምንት?" አሉ እናቷ። "ያኔ ሃያ አራት አልነበር? ካለፈው ባሰች ማለት ነው?" እጅጌዬን ለቀቁት። አስራ አምስት ከሃያ ስምንት ይሁን አስራ ስድስት ከሃያ ስምንት፣ ያ ቀይ እጅ አይናገርም። ፈታኙ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ መነጽሩን ይጠርጋል፤ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ባለቁልፏን አየኋት። ገመዱ ላይ ደገፍ ብላ ሰዓቱን እያየች ትስቃለች።

"ጋሼ" አለች ከውሃው ውስጥ፣ ፈታኙ ገና ሳይናገር። "ለእያንዳንዱ መቶ ከሁለት ደቂቃ አራት አራት ሴኮንድ ቀድሜያለሁ። ስምንት ጊዜ አራት ስንት ነው?"

ሠላሳ ሁለት። ከአስራ ስድስት ደቂቃ ላይ ሠላሳ ሁለት ሴኮንድ ሲነሳ አስራ አምስት ከሃያ ስምንት። ፈታኙ አፉን ከፍቶ ያንኑ ቁጥር ተናገረ። እናቷ ልብሳቸው እስኪርስ ጠርዙ ላይ ተንበርክከው አንገቷን አቀፉ፤ እኔም፣ አልደብቅም፣ ውሃው ዳር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን ከፍ ያለው ወንበር ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። መስኮቱ ላይ አዲስ ሠራተኛ ገብታለች፤ አርባ ሦስት እንደሚያስቸግር ገና አታውቅም። ትናንት ለአንዱ ልጅ ልኩን አስልቼ መነሻውን ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ከላይ ድምጿን ሰማሁ።

"ጋሼ፣ ሁለት መቶውን ሳይቆጥብ መዋኘቱን ጠይቀውታል?"

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አጠፋሁና ልጁን ጠራሁት።