በጣት የተጠሩ ፊኛዎች

ከጎንደር መጥቼ መቀሌ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ የከተማዋን ውሃ በሚያጠና ቡድን ውስጥ ገባሁ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ካሉ ባለሙያዎች ጋር በየሳምንቱ በቪዲዮ እንሰበሰብ ነበር። የመቀሌ ውሃ የሚቀዳበትን የዓይናለምን ጉድጓዶች ሁኔታ የሚያስረዱን አንዲት አንጋፋ መሐንዲስ ነበሩ። ቀልድ አያበዙም፤ ሲናገሩም በጣታቸው እየቆጠሩ ነው።

አንድ ቀን እዚያው መቀሌ ሓወልቲ ሰፈር ካለው ቢሯቸው ሆነው የፓምፕ ብልሽት ያስረዱን ጀመር። አንደኛውን ጨርሰው «ሁለተኛው ችግር» ሲሉ ሁለት ጣታቸውን ወደ ካሜራው አንሥተው ትንሽ ቆዩ። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ከበስተጀርባቸው ባለ ብዙ ቀለም ፊኛዎች ተግተልትለው ወደ ላይ ወጡ። አንድ ሰው ሳቀ። እሳቸው ንግግራቸውን አቋርጠው ዞር ብለው ግድግዳውን አዩ። ሰብሳቢው ማን እንዳደረገው ጠየቀ፤ ሁሉም አላደረግሁም አለ። እሳቸውም ካሜራቸውን ዘግተው የቀረውን በደረቅ ድምፅ ጨረሱ።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልጠፋ ስላለ በማግስቱ ቢሯቸው ሄድኩ።

«ሓወይ፣ ማነው የቀለደብኝ?» አሉኝ፤ በትግርኛ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

አላውቅም አልኳቸው። ኮምፒውተራቸውን ከፍተን ማንም በሌለበት ካሜራው ፊት ተቀመጥን። ሁለት ጣት አነሣሁ፤ ፊኛዎቹ መጡ። ሁለት አውራ ጣት ወደ ላይ ሳነሣ ርችት ፈነዳ፤ ወደ ታች ሳደርግ ደግሞ ዝናብ ወረደ። የቀለደ ሰው አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የእጅን ምልክት እያነበበ ነው። እሳቸው ዝናቡን ትኩር ብለው አዩና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ይሄስ ለዓይናለም በወረደ» አሉ።

ስክሪኑ አናት ላይ ባለችው የካሜራ ምልክት ገብተን አጠፋነው።

በቀጣዩ ስብሰባ ኔትወርኩ ደከመ። እንዳይቆራረጥባቸው ካሜራቸውን ዘግተው ይናገሩ ነበር። መሃል ላይ ቆም ብለው እየተሰሙ እንደሆነ ጠየቁ። ሁላችንም ድምፃችንን ዘግተን ነበር። ከዚያ አንዱ የአውራ ጣት ምልክት ተጫነ፤ ሌላው ተከተለ፤ እኔም ጨመርኩ። ምልክቶቹ ተራ በተራ ወደ ላይ ተንሳፍፈው ጠፉ። እሳቸውም ሳያቋርጡ ቀጠሉ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ያለፈውን አንሥቶ ምልክት የሚባል ነገር በሙሉ ይቅር አለ። እነዚያ ፊኛዎች ያሳፈሯቸው ሴትዮ ይስማማሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ራሱ የሚመጣው ይጥፋ፤ ሰው አስቦ የሚልከው ግን ይቆይ። እንደምትሰሙኝ ያወቅሁት በእሱ ነው» አሉ።

በዚሁ ተስማማን። ሰነባብቶ ፓምፑ ተጠግኖ መሥራት መጀመሩን ሲነግሩን ስክሪኑ በላክንላቸው የልብ ምልክቶች ተሞላ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም ነበርና፣ ልቦቹ ወጥተው እስኪጠፉ በትዕግሥት ጠበቁ።