ለአበልጄ የጻፍኩት የሽሮ አቤቱታ

ዕቃ የሚያቀርብላችሁ ነጋዴ አበልጃችሁ ከሆነ ከወዲሁ አዝንላችኋለሁ። የእኔው አበልጅ ሽሊረን ከተማ ካለው መጋዘናቸው ሽሮና በርበሬ በቫን ጭነው፣ የተሰደድንባትን አገር ከጫፍ ጫፍ ራሳቸው እየነዱ ፕላንፓሌ ሰፈር ያለችው ሱቄ ድረስ ያመጡልኛል። ልጄን ክርስትና ያነሱ፣ ሰባን የተሻገሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ካርቶን መቁጠር በእኛ ዘንድ «ለመሆኑ ሌባ ነዎት?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ስለዚህ አልቆጠርኩም። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ካርቶኖቹ ተደርድረው በላስቲክ የተጠቀለሉበትን የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌቱን፣ አውርደን፣ ጤናቸውን ጠይቄ፣ ሻይ ጋብዤ፣ ሊፈርሻይን የሚሉትን የርክክብ ወረቀት «ዕቃው ተሟልቶ ደርሶኛል» ከሚለው መስመር ሥር ፈረምኩ። እንዲያውም ፊርማዬን አሳመርኩት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ላስቲኩን ቀደደች። በርበሬው ልክ ነው። ሽሮው ግን በኢንቮይሱ አሥራ ሁለት ካርቶን ሲሆን ወለሉ ላይ ያለው ስምንት ብቻ ነው። ደግማ ቆጠረች፤ እኔም ቆጠርኩ፤ ሽሮው አልራራልንም።

ብናገር አበልጄን ላስቀይም ነው። ዝም ብል ላልመጣ ሽሮ ልከፍልና በጾሙ መሐል ደንበኞቼን ባዶ መደርደሪያ ላሳይ ነው። ባለቤቴ አሁኑኑ ደውል አለችኝ። ድምፃቸውን ስሰማ እንደምቀልጥ ስለማውቅ ደብዳቤ ይሻላል አልኩና ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ። ስደት የነጠቀኝን አባት በእርስዎ አገኘሁ አልኩ። ልጄ በእርስዎ እጅ በመነሳቷ ዕድለኛ ናት አልኩ። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ከምርቃቱ በፊት፣ «ከሽሮው ጥቂት የዘገየ ሳይኖር አይቀርም፤ ብዙም አያሳስብም» የምትል ነገር ጣል አደረግሁ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ፖስታ ቤት ድረስ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

መልሱ በፖስት ካርድ መጣ። ምርቃት ብቻ ነው፤ ስለ ሽሮ አንዲት ቃል የለበትም። ባለቤቴ የደብዳቤዬን ረቂቅ ከመሳቢያ አውጥታ አነበበች።

«ይሄ አቤቱታ ነው ወይስ የፍቅር ደብዳቤ?» አለችኝ።

ሁለተኛውን ደብዳቤ እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ። የኢንቮይሱና የርክክቡ ወረቀት ቁጥር ከላይ፤ ቀጥሎ የተጻፈው ብዛት፣ የደረሰው ብዛት፣ የጎደለው። ፓሌቱ ሲፈታ ያነሳችውን ፎቶ አያያዝን። ሳልቆጥር መፈረሜንም አስገባችብኝ፤ እሳቸው ከሚነግሩን እኛ ብንነግራቸው ይሻላል አለች። በመጨረሻም «የጎደለውን ይላኩልን፣ ካልሆነም ሒሳቡን ከኢንቮይሱ ይቀንሱልን» አልን። ጤና ይስጥልኝ የምትል ቃል ላስገባ ብዬ ለመንኳት፤ አንድ ፈቀደችልኝ። ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ስጥል ልጄን ያለ ክርስትና አባት ያስቀረኋት መሰለኝ።

በሳምንቱ ቫኗ ሱቁ በር ላይ ቆመች። አበልጄ አራት ካርቶን ሽሮ አወረዱ። ለካ የዚያን ቀን መጋዘናቸው አቅራቢያ ዋሊሰለን ያለችውን የሌላ ባለ ሱቅ ደንበኛቸውን ፓሌትም ጎን ለጎን ሲጭኑ ኖሯል፤ አራቱ የእኔ ካርቶኖች ከእሷ ጋር ሄደዋል። እሷም እንደ እኔ አክብራቸው ሳትቆጥር ፈርማለች። ትርፉን ስታገኝ ደግሞ ብነግራቸው አርጅተዋል ማለቴ ይመስላቸዋል ብላ፣ በአንሶላ ሸፍና ጓዳ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ደብዳቤዬ ደርሷቸው ሲደውሉላት ነው ያመነችው። ሁለታችንም በጨዋነታችን ሰውየውን ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አስነዳናቸው ማለት ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ቁጠር» አሉኝ።

አራት ናቸው፤ ይታያሉ አልኩ። ቁጠር አሉ እንደገና። ባለቤቴ እያየች፣ አበልጄ ፊት፣ እንደ ተማሪ ጮክ ብዬ እስከ አራት ቆጠርኩ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና እስክሪብቶ ሰጡኝ፤ ፈረምኩ።

ቫኗ ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ሁለተኛዋ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ መግባቷን፣ ሒሳብ ያዡም እንደዚያ ያለ ግልጽ ጽሑፍ ከሐበሻ ደርሶት እንደማያውቅ ነገሩኝ። ባለቤቴ ኮራች።

«የመጀመሪያዋ ግን ደረት ኪሴ ውስጥ ናት» አሉ። «ልጆቼ ለእኔ አማርኛ አይጽፉም። ስለ ሽሮው ያልካትን መስመር በእስክሪብቶ ሰርዣታለሁ።»

ሽሮውን ለማስታወስ ስል የደረደርኩት ማሞካሻ እንደነበር ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ደግሞም በዚያች ሰዓት እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲያመጡ ፊታቸው ቆሜ እቆጥራለሁ፤ በየወሩም አንድ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ፣ ካርቶን የሌለበት።