ተምቹ የመጣ ዓመት

ሥራዬ ገበሬ ማማከር ነው። በሶዶ ዙሪያ እንደ ታላቅ ወንድሜ የሚያስቸግረኝ ገበሬ ግን የለም! ሻንቶ አጠገብ ያለው ቤቱ ስሄድ፣ እሱ፣ ሚስቱና እኔ እህቱ በእርሻ ሳንጨቃጨቅ የበላነው ምሳ ትዝ አይለኝም። እኔ የዛፍ ሰው ነኝ፤ ዋንዛና ኮርች ከእህሉ ጋር ሲኖሩ አፈሩን ይይዙታል፣ ቅጠላቸውም ያዳብረዋል። "እስኪያድጉ ምን እንብላ?" ይለኛል። የእሱ እምነት ማፈራረቅ ነው፤ አንድ ዓመት ቦሎቄ፣ አንድ ዓመት በቆሎ። እውነቱን ለመናገር መሬቱ ወፍሮለታል። ሚስቱ ደግሞ በየማለዳው ማሳ ገብታ ቅጠል እየገለጠች ታያለች። "ምን ጠፍቶብሽ ነው?" እያልን እንስቅባት ነበር።

ያን ዓመት ቦሎቄ በተነሳበት ማሳ ላይ የበቀለው በቆሎ ዓይን የሚስብ ነበር። የቤቱ ቀለብ በሙሉ እሱ ነው። አንድ ጠዋት ግን ሚስቱ የተበሳሳ ቅጠል ይዛ ገባች። ተምች!

"አፈራርቄ የለም እንዴ!" ብሎ ወንድሜ ጮኸ።

"ጋሼ፣ ተምቹን የሚፈለፍለው የእሳት እራት ክንፍ አለው፤ ከሩቅ በርሮ ይመጣል" አልኩት። ሳልጨርስ የመድኃኒት መርጫ ሊዋስ ተነሳ። ማሳውን በሙሉ ሊረጭ ነው፤ ማሳው መሃል ባለው ዋንዛ ላይ የንብ ቀፎ አለ፣ ትሉን የሚበሉ ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። ሚስቱ በር ላይ ቆመች።

"መጀመሪያ አብረን እንየው" አለች።

በበቆሎው መሃል እየተጠማዘዝን ማሳውን አዳረስነው። ክፉኛ የተጎዳው አንዱ ጥግ ብቻ ነበር፤ በሌላው ገና እንቁላልና ጥቃቅን ትል ነው። እሷም ዳጎ ጠራች። ዳጎ ጎረቤት ተሰባስቦ የሚቆፍርበት፣ የሚያርምበት የእኛ አገር ደቦ ነው፤ ለትል ለቀማ የጠራው ሰው ግን አልሰማሁም። የመጡት የጎረቤት ሴቶች መጀመሪያ በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ማሳው ገቡ። በየማለዳው እንቁላሉን እየጨፈለቁ፣ ትሉን ከቅጠሉ እምብርት እያወጡ ሰነበቱ። ያንን ጥግ ብቻ ወንድሜ አፉን ሸፍኖ፣ ንቦቹ ማታ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ በልኩ ረጨው።

ዋንዛው ሥር ያለው በቆሎ በጥላው ቀጭጮ ነበር፤ "ዛፍሽን እዪልኝ!" ብሎኛል። ነገር ግን ወፎቹ ከዚያው ዛፍ እየወረዱ ትል ሲለቅሙ እሱም አይቷል። ዛፉ ለዓመታት፣ ማፈራረቁ ለከርሞ፣ የእሷ ጥበቃ ለዛሬ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

በቆሎው ደረሰ። በቤተክርስቲያናችን የምስጋና ቀን ሰው የምርቱን በኩር ይዞ ይወጣል፤ ባል ጌታን ያመሰግንና ይቀመጣል፣ ሚስቱን በሰው ፊት አያነሳም። ወንድሜ በቆሎውን ታቅፎ ወጣ፣ ጌታን አመሰገነ፣ ግን አልተቀመጠም። ወደ ሴቶቹ ረድፍ ዞሮ፣

"ነይ፣ አንቺ ስጪው" አላት። "ልጆቼን ዘንድሮ የመገብሻቸው አንቺ ነሽ።"

"ኧረ ተው!" አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ እየሸፈነች። ዳጎ የወጡት ሴቶች ገፋፍተው አስነሷት። ያ ጯሂ ወንድሜ፣ እሷ እስክትደርስ እያለቀሰ ጠበቃት።